ከስኳር በፊት ወይስ ከስኳር በኋላ?

ኮዬ ፈጬ ውስጥ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያሉት ሱቆች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው። መደርደሪያቸው ግን ብዙ ይችላል። ፓስታና ዘይት፣ ሳሙናና ሻማ፣ ከዚያ ከፊት ለፊት፣ የሕፃን እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ ብስኩትና ጁስ ይደረደራሉ። የጁሱ ጠርሙስ ላይ የተቆረጠ ማንጎ ይታያል፤ ጠል ያረፈበት፣ ቢጫው የሚያበራ። እናት ለልጇ ልትገዛ ስትል «ይሄ ማንጎ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ባለሱቁም «አዎ እናቴ፣ ንጹሕ ማንጎ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ እሱም የሚያውቀው ሥዕሉን ነው።

መልሱ ያለው ከጠርሙሱ ጀርባ ነው። ከባርኮዱ አጠገብ፣ ዓይን በሚያደክሙ ደቃቅ ፊደላት፣ አንዳንዴ «ግብዓቶች»፣ አንዳንዴ «ይዘት»፣ ከውጭ በመጣው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ኢንግሪዲየንትስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተጻፈ ዝርዝር አለ። ለዚህ ምዕራፍ አንድ የተለመደ ዓይነት ዝርዝር እንውሰድ። የፋብሪካ ስም አያስፈልገንም፤ እንዲህ የሚል ጠርሙስ በየሱቁ ይገኛል፦ ውሃ፣ ስኳር፣ የማንጎ ፐልፕ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ፔክቲን፣ ቫይታሚን ሲ፣ የማንጎ ጣዕም ሰጪ፣ ቀለም።

ብዙ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ የሚፈልገው መጥፎ ስም ነው። ሲትሪክ አሲድ የሚለውን አይቶ ይደነግጣል፤ ሎሚን ሎሚ ያሰኘው እሱ መሆኑን ሳያስታውስ። ከስሞቹ በላይ የሚናገረው ግን ቅደም ተከተላቸው ነው። ዝርዝሩ የተሰለፈው በክብደት ነው፤ ከሁሉ የሚበዛው መጀመሪያ፣ ከሁሉ የሚያንሰው መጨረሻ ይጻፋል። ደንቡ የአንድ ፋብሪካ ልማድ ወይም የአንድ አገር ሕግ ብቻ አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የታሸጉ ምግቦች መለያ ደረጃ ላይ የሠፈረ ነው፤ ኢትዮጵያም የኮሚሽኑ አባል ናት። የአውሮፓ ኅብረትና የአሜሪካ ሕጎችም በዚሁ መርሕ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከቱርክ የመጣ ብስኩትም ሆነ ከዱባይ የመጣ ጁስ፣ ቋንቋው ቢለያይም፣ በአንድ ሥርዓት ይነበባል።

አንድ ዝርዝር ነገር እዚህ ላይ መያዝ አለበት። የሚቆጠረው ክብደት ፋብሪካው ውስጥ ሲቀላቀል የነበረው እንጂ በመጨረሻ እሽጉ ውስጥ የቀረው አይደለም። ብስኩት ሲቦካ ውሃ ይገባበታል፤ ምድጃ ውስጥ ግን ውሃው ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ በብስኩት ዝርዝር ላይ ውሃን ብዙ ጊዜ አናገኝም፤ የተነነ ውሃ እንዲጻፍ ደንቡ አያስገድድም። በጁስ ግን ውሃው እዚያው ስላለ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም አንደኛ ሆኖ።

አሁን ወደ ማንጎው እንመለስ። ማንጎ በዝርዝሩ ሦስተኛ ነው። ከዚህ ብቻ ምን እናውቃለን? ከፊቱ ሁለት ግብዓቶች አሉ፤ ሁለቱም ከእርሱ ይበልጣሉ፣ ቢያንስ ያክላሉ። ሦስቱ እኩል ቢሆኑ እንኳ ለማንጎ የሚደርሰው ሲሶ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ሁለተኛ የተጻፈ ነገር ከግማሽ አይበልጥም፤ ሦስተኛ የተጻፈ ከሲሶ አይበልጥም፤ አራተኛ የተጻፈ ከሩብ አይበልጥም። ምንም ቁጥር ሳይጻፍልን ጣሪያውን አወቅን። ችግሩ ይህ ጣሪያ በጣም ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ሲሶው ማንጎ የሆነ መጠጥ ቢሆን ማንም ባልተከፋ። ጣሪያውን ዝቅ ለማድረግ ሌላ ቁጥር ያስፈልገናል፤ እሱም እዚያው ጠርሙስ ላይ፣ ከዝርዝሩ በታች ባለው የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል።

ሠንጠረዡ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 12 ግራም ስኳር አለ ይላል እንበል፤ ለእንዲህ ያለ መጠጥ የተለመደ ቁጥር ነው። ይህ 12 ግራም ጠቅላላ ስኳር ነው፤ ፋብሪካው ከከረጢት የጨመረውና ከማንጎው ራሱ የመጣው አንድ ላይ ተደምሮ። የበሰለ ማንጎ በ100 ግራሙ ውስጥ 13 ግራም ገደማ የራሱ ስኳር አለው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ የተጨመረው ስኳር ከማንጎው እንደሚበልጥ ነግሮናል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማገናኘት ብቻ ነው የቀረን፤ ለዚህም አልጀብራ አያስፈልግም፣ መሞከር ይበቃል።

የተጨመረው ስኳርና ማንጎው እኩል 10 ግራም ናቸው ብለን እንጀምር። 10 ግራም ማንጎ ከራሱ 1 ነጥብ 3 ግራም ስኳር ያመጣል፤ ከተጨመረው 10 ግራም ጋር 11 ነጥብ 3 ይሆናል። ሠንጠረዡ 12 ስላለ ገና ጥቂት ቦታ አለ። እኩል 11 ግራም ናቸው ብንልስ? ከማንጎው 1 ነጥብ 4 ገደማ፣ ከተጨመረው 11፣ ድምሩ 12 ነጥብ 4። አለፈ። እንግዲህ ሁለቱ እኩል በሚሆኑበት ጊዜ እንኳ ማንጎው 11 ግራም አይደርስም። እኩል ካልሆኑና ስኳሩ ከበለጠ ደግሞ ማንጎው ከዚያም ያንሳል። ከ100 ሚሊ ሊትሩ ማንጎ የሆነው፣ ቢበዛ ቢበዛ፣ ከ11 ግራም በታች ነው።

በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይህ ከ33 ግራም ያነሰ ማንጎ ማለት ነው። ልጡና ፍሬው የወጣለት አንድ መካከለኛ ማንጎ 200 ግራም ያህል ሥጋ ቢኖረው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የዚያ አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ጠቅላላ ስኳሩ ግን 36 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል ብንል ዘጠኝ ማንኪያ ይሆናል። አንዲት እናት ለልጇ ሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ስትጨምር ብናይ እጇን እንይዝ ነበር።

አንድ የሚያነቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመን ይችላል። ማንጎው ፐልፕ ሳይሆን ውሃው የወጣለት ወፍራም ማንጎ፣ ኮንሰንትሬት፣ ቢሆንስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእርግጥ ብዙ ፋብሪካ የሚጠቀመው ኮንሰንትሬት ነው፤ በእጥፍ የጠነከረ ስለሆነ ጥቂት ግራሙ ብዙ ማንጎ ይተካል። ያንኑ ሙከራ በእርሱ እንድገመው። ኮንሰንትሬቱ ሩብ ያህሉ ስኳር ነው ብንል፣ እኩል 10 ግራም ሲሆኑ ድምሩ 12 ነጥብ 5 ይሆናል፤ ስለዚህ ኮንሰንትሬቱ 10 ግራም አይሞላም። ወደ ማንጎ ብንመልሰው እጥፉን፣ ከ20 ግራም ያነሰ እናገኛለን። ከፊተኛው ይሻላል። ለፋብሪካው በጎውን ሁሉ ብናስብለት እንኳ መጠጡ አንድ አምስተኛው ማንጎ አይደለም።

ይህ ቁጥር የሚመዘንበት ሚዛንም አለ። ኮዴክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የፍራፍሬ ጭማቂና ኔክታር ደረጃ መሠረት «ጁስ» ሊባል የሚገባው ከፍሬው የወጣ ብቻ ነው። ውሃና ስኳር የተጨመረበት «ኔክታር» ይባላል፤ የማንጎ ኔክታር ደግሞ ቢያንስ 25 በመቶ ማንጎ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ የሚያንሰው «የማንጎ መጠጥ» ወይም «ድሪንክ» ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉንም ጁስ ብለን እንጠራለን፤ ጠርሙሱ ግን ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ጁስ ከማለት ተቆጥቦ፣ «ድሪንክ» ብሎ በትንሹ ጽፎ፣ ማንጎውን በትልቁ ይሥላል።

አሁን ጠቃሚው ነገር መጣ። በደንቡ መሠረት የተሠራ ኔክታር ዝርዝሩ ምን ይመስላል? 25 ግራም ማንጎ ከራሱ ከ3 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ስኳር ያመጣል። 12 ለመሙላት የሚጨመረው ስኳር 9 ግራም አይሞላም። 25 ከ9 ስለሚበልጥ ማንጎ ከስኳር በፊት ይጻፋል። እንግዲህ ሱቅ ቆመን፣ ልጁ እጃችንን እየጎተተ፣ ስሌት ሳንሠራ የምንመለከተው አንድ ነገር ነው፤ ማንጎው ከስኳር በፊት ነው ወይስ ከስኳር በኋላ? ከኋላ ከሆነ ኔክታር ሊሆን አይችልም። ከፊት ከሆነ ግን ሙሉ ምስክርነት አይሰጥም። 13 ግራም ማንጎና 10 ግራም ስኳር ያለበትም ማንጎን ያስቀድማልና። ቅደም ተከተል ሐሰትን ያጋልጣል እንጂ እውነትን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም። ፋብሪካው «ማንጎ 25%» ብሎ በቁጥር ከጻፈ ግምታችን አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ራሱ ይበቃል።

ወደ ብስኩቱ እንሻገር፤ እዚያ ሌላ መለኪያ አለ። እሽጉ ላይ የማር ጠብታ ተሥሏል፣ ስሙም የማር ብስኩት ይላል። ዝርዝሩ እንዲህ ነው፦ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የወተት ዱቄት፣ ጨው፣ ማር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጣዕም ሰጪ። ማር ሰባተኛ ነው። በጣሪያ ሕጋችን ከአንድ ሰባተኛ አይበልጥም ብለን ብናቆም ገና ሩቅ ነን። ዓይናችን መውደቅ ያለበት ጨው ላይ ነው።

ጨው በዝርዝር ውስጥ የቆመ ምልክት ነው፤ ምላስ ስለሚቆጣጠረው ማንም ፋብሪካ እንዳሻው ሊያበዛው አይችልም። በተጨማሪም ሠንጠረዡ ላይ ሶዲየም የሚል ቁጥር ይኖራል። ሶዲየምን በ2 ነጥብ 5 ስናባዛ ወደ ጨው ይለወጣል። በ100 ግራም ብስኩት 320 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለ ከተባለ፣ ሁሉም ከጨው የመጣ ቢሆን 800 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከአንድ ግራም ያነሰ ጨው ነው። ቤኪንግ ሶዳውና ወተቱም የራሳቸው ሶዲየም ስላላቸው ጨው ከዚህም ያንሳል። ማር ደግሞ ከጨው በኋላ ተጽፏል። ስለዚህ በ50 ግራም እሽግ ውስጥ ያለው ማር ግማሽ ግራም አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ያህል ይመዝናል። ብስኩቱ ማር ማር የሚለው በማር ሳይሆን ከመጨረሻ በተጻፈው ጣዕም ሰጪ ነው።

ይህ የጨው ዘዴ ከማር ሌላም ያገለግላል። «እንቁላል ያለው» የሚል ኬክ፣ «አጃ ያለው» የሚል ዳቦ፣ «እውነተኛ እንጆሪ» የሚል ዋፈር ሲያጋጥም ሥዕሉ ላይ ያለውን ነገር ስም ፈልጎ ከጨው በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ ማየት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይኑረን። በአውሮፓ ሕግ ከ2 በመቶ በታች የሆኑ ግብዓቶች ከሌሎቹ በኋላ በፈለጉት ተራ ሊጻፉ ይችላሉ፤ በአሜሪካም «ከ2 በመቶ ያልበለጠ» ብሎ ጽፎ በአንድነት መዘርዘር ይፈቀዳል። እዚያ ጅራቱ ላይ ተራው አያስተማምንም። ቢሆንም ውሳኔያችን ብዙም አይለወጥም፤ ማሩ ከጨው ቢበልጥ እንኳ ከ2 በመቶ አላለፈም።

በዚሁ ብስኩት ውስጥ አንድ ብልጠት ተደብቋል። ስኳር ሁለተኛ ነው፤ ግሉኮስ ሽሮፕ አራተኛ ነው። አንዳንዱ ላይ ከዚያ በታች ደግሞ ኢንቨርት ሽሮፕ ወይም ዴክስትሮዝ ይገኛል። ሁሉም የስኳር ዘር ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲመዘን ትንሽ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲደመሩ ግን አንዳንዴ ከዱቄቱ ጋር ይስተካከላሉ። ፋብሪካው ሁልጊዜ ለማታለል ብቻ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ ሽሮፕ ብስኩትን ያቀላል፣ እርጥበት ይይዛል። ይሁንና አንባቢው መደመር አለበት። በድጋሚ ሠንጠረዡ ይረዳናል፤ በ100 ግራም 30 ግራም ስኳር ካለ፣ በስንት ስም ተከፋፍሎ ቢጻፍ፣ ከሲሶ የማይርቀው ስኳር ነው።

ዱቄት ወተትም እንዲሁ ይነበባል። በትናንሽ እሽጎች የሚሸጡ አንዳንድ ነጭ ዱቄቶች ላይ ላም ተሥላለች። ዝርዝሩ «የወተት ዱቄት» ብቻ ካለ ነገሩ ያ ነው። «ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ የፓልም ዘይት» ካለ ግን ቅቤው ተነሥቶ በዘይት ተተክቷል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ኮዴክስ ለእንዲህ ያለው ቅልቅል ራሱን የቻለ ደረጃ አውጥቶለታል። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ከሁለቱ የባሰው «ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የፓልም ዘይት» ብሎ ጀምሮ ወተቱን ሦስተኛ ወይም አራተኛ የሚያደርገው ነው። እሱ ቡና ማንጫ እንጂ ወተት አይደለም። ለሕፃን ወተት ብሎ የሚበጠብጠው ሰው ካለ ልጁን ስኳርና ዘይት እያጠጣው ነው። በዚህ ምዕራፍ ካነሣኋቸው ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ማንጎው ቢቀር ልጅ አይጎዳም፣ ወተት ብለው ወተት ያልሆነ ሲሰጡት ግን ይጎዳል።

ክብደት ሁሉን አይናገርም። ከመጨረሻ የሚጻፉት ቫይታሚኖች ቦታቸው ጅራት የሆነው ስለማይጠቅሙ ሳይሆን በሚሊ ግራም ስለሚለኩ ነው። ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ከመቶው ሲታይ ከቁጥር አይገባም፤ እንቅርትን የሚከላከለው ግን እሱ ነው። ለኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ልጅም የመጨረሻው ቃል ከመጀመሪያው ይበልጣል። እንዲህ ላለው ሰው ተራ መቁጠር አይሠራም፤ ዝርዝሩን እስከ ጫፉ ማንበብ ግድ ነው።

ይህን ንባብ ከሁሉ አስቀድሞ የተለማመዱት ምናልባት በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ሳይሆኑ አይቀሩም። ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የኢትዮጵያ ሱቆች በፕላስቲክ የታሸገ እንጀራ ይሸጣል፤ በሕጉ መሠረት ዝርዝር ይለጠፍበታል። ጤፍ እዚያ ውድ ነው፤ ከኢትዮጵያ የጤፍ እህልና ዱቄት መላክ ለዓመታት ተከልክሎ መቆየቱም አላቀለለውም። ስለዚህ ከስንዴና ከገብስ ጋር መቀላቀል የተለመደ ሆነ። መለያው «ውሃ፣ የስንዴ ዱቄት፣ የገብስ ዱቄት፣ የጤፍ ዱቄት፣ ጨው» ካለ፣ ውሃውን ትተን ዱቄቶቹን ብቻ እንቆጥራለን። ከሦስት ዱቄት ሦስተኛ የሆነው ጤፍ ከዱቄቱ ሲሶ አይበልጥም፤ ሊያንስ ግን ይችላል፣ እስከ ጨው ድረስ። ቀለሙ ጠይም መሆኑ አያረጋግጥም። ግሉተን የማይስማማው ሰው ደግሞ ሲሶውን ሳይሆን ከፊቱ ያሉትን ሁለት ስሞች አይቶ እሽጉን ይመልሳል፤ ስንዴም ገብስም ግሉተን አላቸው።

እዚህ ኮዬ ፈጬ ግን ብዙው የምንበላው ዝርዝር የሌለው ነው። በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠው ሽሮና በርበሬ ላይ ቢጻፍም ተራው የተለየ ነው። ባለሙያዋ «አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ» ብላ የምትዘረዝረው የሚያኮራትን አስቀድማ እንጂ መዝና አይደለም። አተር የተወደደ እንደሆነ አተርን ፊት ታደርጋለች፤ ከረጢቱ ውስጥ ባቄላው ቢበዛም። በእንዲህ ያለው ላይ የዚህን ምዕራፍ ስሌት መሥራት ዋጋ የለውም፤ እዚያ የሚሻለው ፊት ለፊት መጠየቅ ነው፦ «እትዬ፣ ለአንድ ኪሎ አተር ስንት ኪሎ ባቄላ ገባበት?» ሽሮ ሠሪዋ ብዙ ጊዜ እውነቱን ትናገራለች፤ ገበያዋ በዚያው ሰፈር ነውና።

የታሸገው ላይ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ያለው ጽሑፉ ብቻ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አሳሳች የምግብ መለያን ይከለክላል፤ ቁጥጥሩም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ዝርዝር የሌለው፣ ወይም በወረቀት ተለጥፎ የተሸፈነ፣ ወይም ሊነበብ በማይችል ፊደል የታተመ እሽግ ካጋጠማችሁ መልሱት፤ ለባለሱቁም ለምን እንደመለሳችሁት ንገሩት። የሚታዘዘውን ዕቃ የሚመርጠው እሱ ነው።